የከሸፈ ሰበራ ሁሉ የሽያጭ ጥሪ አይደለም
ዋጋ አንድን ጣሪያ፣ ማለትም ሻጮች ደጋግመው የመለሱትን ደረጃ፣ ሰብሮ ከተመለሰ ወዲያውኑ መሸጥ ይገባል የሚለው አስተያየት፣ ክሽፈትን ማወቅንና በክሽፈቱ መነገድን አንድ ስለሚያደርግ ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2023 ወርቅ፣ ገበያው በሚሳሳበት የእስያ ማለዳ፣ የ2,075 ዶላር ገደማ ጣሪያውን ጥሶ ከ2,100 በላይ ቢወጣም በ2,030 አካባቢ ስለዘጋ፣ የሰበራው ክሽፈት በዕለቱ መዝጊያ ታውቋል። ሆኖም በዚያ መዝጊያ የሸጠ ነጋዴ የኪሳራ ማቆሚያውን፣ ይኸውም ግምቱ ሲፈርስ የሚወጣበትን ዋጋ፣ ከዕለቱ ጫፍ በላይ ሲያኖር ቢያንስ 70 ዶላር ለአደጋ ያጋልጣል፤ ዋጋው በቀጣዮቹ ቀናት የወረደው ግን እስከ 1,975 አካባቢ፣ 55 ዶላር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ክሽፈቱ እውነት ሆኖ ሳለ ግብይቱ አያዋጣም ነበር። በማርች 2024 ደግሞ ያው ጣሪያ በእርግጥ ተሰበረ።