ቅቤ የነካው የጥጥ ቀሚስ

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቅቤ ሳይዝ አይሄድም። እኔም ባለፈው መስከረም ልጄን ልጠይቅ ስነሳ ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ፣ በላዩ ላይ ፌስታል ደርቤ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ደግሞ ለልጅ ልጄ ያሰፋሁት ቀይ የጥጥ ቀሚስ ነበር። ረዳቱ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ሆድ ከተተው። በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑም ሞቃት ነበር። ደርሰን ሻንጣው ሲከፈት ቅቤው ቀልጦ ከፌስታሉ አምልጧል፤ በቀሚሱ ደረት ላይም መዳፍ የሚያህል እድፍ ሠርቷል።

ልጄ አይታ ደነገጠችና «እማዬ፣ ቶሎ በረኪና ላድርግበት?» አለችኝ። «ተይ፣ እሱ ነው የሚያጠፋው!» አልኳት። ይህን ያልኩት በራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት የልጄን ሰማያዊ ሸሚዝ ዘይት ነክቶት በረኪና አፍስሼበት ነበር። ቀለሙ ተገፎ ቦታው ነጣ፤ ዘይቱ ግን እዚያው ቀረ። በረኪና የሚያጠቃው ቀለምን ነው፤ ቅባትን ከጨርቅ አያላቅቅም። አንዴ የተገፈፈ ቀለም ደግሞ በምንም ሳሙና አይመለስም።

ስለዚህ በረኪናውን ትተን በሌላ መንገድ ሄድን። የመጀመሪያው ነገር ውሃ አለማስነካት ነው። ብዙዎቻችን እድፍ ስናይ ወደ ቧንቧ እንሮጣለን፤ ግን ውሃና ቅባት አይዋሃዱም፤ አስቀድሞ የራሰ ጨርቅ ላይ የሚደረግ ሳሙናም ይቀጥናል። እኛ በማንኪያ ጀርባ የረጋውን ቅቤ ቀስ ብለን ገፈፍን። ከዚያ ከእድፉ ሥር ሶፍት አንጥፈን፣ ከላይም በሶፍት ተጫንን። መጫን እንጂ ማሸት የለም፤ ማሸት እድፉን ያሰፋል፣ ቅባቱንም ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባል። ቀጥሎ ደረቅ ቡላ ነሰነስንበትና አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ቡላ ከሌለ የበቆሎ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ላዩ ላይ ያለውን ቅባት ይመጠዋል፤ ክሩ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። ስለዚህ ዱቄቱን አራግፎ «ለቀቀ» ብሎ መተው አይገባም።

ሳሙና ከመንካቱ በፊት የቀለሙን ጽናት መሞከር ያስፈልጋል። የቀሚሱን ጫፍ ገልብጠን፣ ከውስጥ በማይታየው ስፌት ላይ የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ አደረግን። አምስት ደቂቃ ቆይተን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጫንበት። ነጩ ጨርቅ ትንሽ እንኳ ሳይቀላ ቀረ፤ ቀለሙ የጸና ነው ማለት ነው። ነጩ ጨርቅ ቀለም ቢይዝ ኖሮ ቀሚሱን አንዘፈዝፈውም ነበር፤ እድፉን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ቶሎ እናጥብ፣ ወዲያው እናለቀልቅ ነበር። ባለ ጥለት የሀበሻ ልብስ ከሆነ ጥለቱን ለብቻው ሞክሩት። ጨርቁ ሳይለቅ የጥለቱ ክር ቀለም ሊለቅና ነጩን ሊበክለው ይችላልና።

ከዚያ ያንኑ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ በደረቁ እድፍ ላይ አፈሰስን። ከዳር ወደ መሃል በጣት ቀስ እያልን አስገባነውና ሃያ ደቂቃ ተውነው። የሳህን ሳሙና የተመረጠው የወጥ ቅባት ከድስት እንዲያላቅቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። አንዱ ጫፉ ቅባቱን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ውሃውን፤ ሲለቀለቅ ቅባቱን ይዞ ይወጣል። የዱቄት ሳሙና ግን በደረቁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አትበትኑ፤ በባለ ቀለም ልብስ ላይ የነጡ ነጠብጣቦች ሊተው ይችላል።

የማለቅለቂያው ውሃ ለብ ያለ መሆን አለበት። ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ቀለም ያስለቅቃል። እንዴት ይለካል ብትሉ፣ የሕፃን ገላ እንደምታጥቡ አድርጉ፤ ክርናችሁን ስትነክሩት ደስ የሚል ሙቀት ካለው ይበቃል። ቀሚሱን ገልብጠን ውሃው ከእድፉ ጀርባ እንዲወርድ አደረግን፤ እንዲህ ሲሆን ቅባቱ በገባበት በኩል ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። እርጥብ ልብስ ያታልላል። ውሃም ዘይትም ጨርቅን ስለሚያጠቁሩት፣ ልብሱ እርጥብ እያለ እድፉ የጠፋ ይመስላል። ይህን አምኖ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም መተኮስ ግን የቀረውን ቅባት ያጸናዋል። እኛ ቀሚሱን ጥላ ውስጥ አሰጣን። ሲደርቅ መስኮቱ ጋ ወስደን ብናየው እንደ ቀለበት የሚታይ ቀጭን ጠርዝ ቀርቷል። ልጄ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር፤ እኔ ግን ያንኑ ሥራ ከሳሙናው ጀምረን እንድገመው አልኳት። በሁለተኛው ለቀቀ፤ ቀለሙም አልተነካም።

ቅቤው ለጋ ባይሆንና የተነጠረ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይታይ ነበር። ንጥር ቅቤ እርድ ካለበት፣ ቅባቱ ከወጣ በኋላ ቢጫነቱ ይቀራል፤ ሳሙና ሲነካውም ለጊዜው ወደ ቀይ ሊለወጥ ይችላል። አትደንግጡ፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ይህ የእርዱ ቀለም እንጂ ቅባት አይደለም። ነጭ ልብስ ከሆነ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ባለ ቀለም ልብስን ግን ፀሐይ ራሱን ልብሱን ስለሚያደበዝዘው ማጠቡን መደጋገም ይሻላል። ወራት የቆየና በካውያ የተመታ እድፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጥላው ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ጨርቁን እየፈተጉ ከመቅደድ መተው ነው።

መናኸሪያ ውስጥ የመኪና ግራሶ የነካው ሰው «ቤንዚን ወይም ላምባ አድርግበት» ሲባል እሰማለሁ። ለግራሶም ቢሆን መጀመሪያ መግፈፍ፣ ከዚያ የሳህን ሳሙናውን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው፤ ጥቁረቱ ግን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ላምባና ቤንዚን እሳት ይስባሉ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የተረፈው በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ጥግ መቀመጡ ነው። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በነርስነት ዘመኔ እንዲህ የመጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ብዙዎቹን እናቶቻቸው ደንግጠው ሊያስመልሷቸው ሞክረው ነበር። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ላምባ ከሆድ ይልቅ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ይገባል። ልጁን ሳያስመልሱና ምንም ሳያጠጡ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

በረኪናንም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ መተንፈሻን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

የልጅ ልጄ ቀሚሷን ለመስቀል ለበሰችው። እኔም ስመለስ ለልጄ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ በሚቀጥለው ቅቤው ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ ነው የሚመጣው፣ ከልብስም ጋር አንድ ሻንጣ አይገባም።