«እሺ፣ በጣም ጥሩ» የዋጠው ግስ

በሬዲዮ ሁለት አቅራቢ ማስቀመጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፤ ሳቅ፣ ጨዋታ፣ «እሺ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ልክ ብለሃል»። ለዘፈን ምርጫና ለእግር ኳስ ወሬ ይሄ ማንንም አይጎዳም። ይኸው አመል ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች ወደሚተላለፍ የግብርና ዝግጅት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ አንዲት የተዋጠች ቃል ገበሬው ማሳ ውስጥ ትገባለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው እንበል። በቆሎው ጉልበት ሊደርስ ነው፤ ዩሪያ የሚጨመርበት ወቅት ተቃርቧል። ቡሬ አካባቢ ያለ አንድ ቤተሰብ ማታ እራት ላይ ሬዲዮ ከፍቷል። አቅራቢው እንዲህ እያለ ነው፦ «አፈሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ ዩሪያውን አትጨምሩ።» ባልደረባው ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ስላወቀች «እሺ፣ በጣም ጥሩ!» ብላ ከላይ ገባች። «እሺ» ያረፈው በትክክል «አት» ላይ ነው። ከሬዲዮው የወጣው «ዩሪያውን ... ጨምሩ» ነው። ክልከላው ትእዛዝ ሆነ።

ብዙ የዘርፉ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ የአቀራረብ ጉድለት ያዩታል። ተሳስተዋል። ጉድለቱ ያለው በአማርኛ አሠራር ውስጥ ስለሆነ በአቅራቢው ችሎታ ብቻ አይድንም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን እንደሚያደርገው፣ መቼ እንደሚያደርገው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያድርገው ወይስ አያድርገው የሚለው በዚያች የመጨረሻ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። «ይረጫል» እና «አይረጭም»፣ «ዝሩ» እና «አትዝሩ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ተናጋሪው ሊጨርስ ሲል ቀድሞ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ የሚበላው ያችኑ ቃል ነው።

ሰው ደግሞ ቀድሞ መግባቱ አይቀርም። በ2009 እ.ኤ.አ. በ10 ቋንቋዎች ላይ የታተመ አንድ ጥናት በተራ ወግ ውስጥ በአንዱ ተናጋሪና በሌላው መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ አስቦ መልስ ለመስጠት እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ አድማጭ የሌላውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አስቀድሞ ይገምታል፣ በግምቱም ይገባል። ቡና ላይ ይህ ችግር የለውም። ተናጋሪዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ያልገባው ይጠይቃል። ጆሮም ድምፆቹ የመጡበትን አቅጣጫ ለይቶ አንዱን ይከተላል። በገበያ ጫጫታ መሀል የጎረቤቱን ድምፅ የሚለይ ሰው ይህን የሚችለው በሁለት ጆሮው ነው። በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ግን ሁለቱም አቅራቢዎች ከአንድ ነጥብ ይመጣሉ፤ ጆሮ የሚለይበት አቅጣጫ የለውም። ገበሬው «ድገሙልኝ» ማለትም አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ «በኋላ ከድረ ገጻችን ታገኙታላችሁ» ማለት ቀልድ ነበር።

እዚህ ላይ የተለመደው መከራከሪያ ይመጣል፦ «ስክሪፕት ሕይወት ይገድላል፤ አድማጭ የሚወደው ተፈጥሯዊ ጨዋታ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የተጻፈ ሳቅ ያሳፍራል። የተጻፈ «ኧረ ተይ!» ከሩቅ ይሸታል። ከገበሬ ጋር የሚደረግ የስልክ ውይይትም አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም። የሚጠየቀው ግን ጨዋታውን መጻፍ አይደለም፤ መገጣጠሚያውን መጻፍ ነው። አንዱ የሚያቆምበትና ሌላው የሚነሳበት ሁለት መስመር ከታወቀ በመካከል ያለው ወግ ነፃ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ቀጥሎ ማን እንደሚናገር የማያውቁ ሰዎች ናቸው የሚጨናነቁት፤ መጨናነቃቸውን ነው «እሺ፣ እሺ» እያሉ የሚሸፍኑት።

የመገጣጠሚያው አጻጻፍ ከባድ አይደለም። የላይኛው ክልከላ እንዲህ ይስተካከላል።

አንደኛው አቅራቢ፦ «አፈሩ ደረቅ ከሆነ ዩሪያ አትጨምሩ። ዝናብ ጥሎ አፈሩ እስኪርስ ጠብቁ።» ከዚያ የባልደረባውን ስም ይጠራል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ «አፈሩ ሲርስ መጠኑ ይህ ነው። ለአንድ ቃዳ በቆሎ 25 ኪሎ፣ ማለትም ሩብ ኩንታል። እደግመዋለሁ፤ ለአንድ ቃዳ 25 ኪሎ።»

የተደረገው ነገር ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ ክልከላው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከኋላው ያንኑ ሐሳብ በአዎንታ የሚደግም «ጠብቁ» መጥቷል፤ አንዱ ቢበላ ሌላው ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ከግሱ በኋላ ስም ተቀምጧል። ባልደረባዋ ብትቸኩል የምትውጠው የራሷን ስም ነው፤ ግሱ በሰላም አልፏል። ስሙም ለእሷ ምልክት ይሆናል፤ ካልተጠራች አትነሳም። ሦስተኛ፣ እሷ የምትጀምረው በምስጋና ሳይሆን እሱ ባቆመበት ቃል ነው። «አፈሩ ሲርስ» ስትል ሐሳቡ አልተቋረጠም፤ አድማጩም አዲስ ርዕስ መጣ ብሎ አይዘናጋም።

«ማይክሮፎኑን ቴክኒሽያኑ ይዝጋው» የሚሉም አሉ። መዝጋቱ ይረዳል፤ ግን ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ማይኩ በግማሽ ሴኮንድ ዘግይቶ ከተከፈተ የሚቆረጠው የሚቀጥለው ሰው የመጀመሪያ ቃል ነው። ያች ቃል «አትርጩ» ከሆነች እንደገና እዚያው ገደል ነው። ስለዚህ ተረካቢው በትእዛዝ ወይም በቁጥር አይጀምር፤ ቢቆረጥ በማይጎዳ የመሸጋገሪያ ሐረግ ይጀምር። «እህ»፣ «አዎ»፣ «ልክ» የሚሉት ደግሞ ከማይክ ፊት ይውጡ። ባልደረባ መስማቱን የሚያሳየው በራሱ ንቅናቄ ነው፤ ራስ ሲነቀነቅ ድምፅ የለውም።

መደራረቡ ቢጠፋ እንኳ ሁለተኛው ጣጣ ይቀራል፦ ሁለት ሰዎች በሁለት አንደበት መናገራቸው። ከዩሪያው ምሳሌ እንዳንወጣ፣ የአካባቢው የልማት ጣቢያ ምክር በሄክታር 200 ኪሎ ሆኖ በሁለት እኩል ጊዜ ይጨመር ተባለ እንበል። አንደኛው አቅራቢ ሠነዱን አይቶ «በሄክታር 200 ኪሎ» ይላል። ሁለተኛዋ ለገበሬው ልታቀርበው ፈልጋ በቃዳ ትናገራለች። በጎጃም ልማድ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ቃዳ በጠቅላላው 50፣ በአንድ ዙር 25 ኪሎ ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አድማጩ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ 200፣ 50 እና 25 ሰምቷል። የአንዱን ቁጥር ከሌላው መለኪያ ጋር ካጋጠመ ስሕተቱ አራት እጥፍ ነው።

ልምድ ያለው ገበሬ 200 ኪሎ በአንድ ቃዳ ላይ አይበትንም፤ እጁ ያውቃል፣ ዋጋውም ይከለክለዋል። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሬዲዮውን ማመን ያቆማል። ያ ደግሞ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም እጁ የማያውቀው ነገር የሚመጣበት ቀን አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የሆነው ይኸው ነው። ገበሬው «ተምች» ሲባል የሚያውቀው በመንጋ የሚጓዘውን የቆየውን የአፍሪካ ተምች ነበር። አዲሱ በበቆሎው ሙሽራ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ የሚበላ፣ ማሳ ውስጥ ገብቶ ተክሉን ገልጦ ካላዩት የማይታይ ነው። አንዱ አቅራቢ «ተምች»፣ ሌላው «መጤ ተምች»፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የአሜሪካ ተምች» ካለ፣ አድማጩ ሦስት ተባይ ወይም ያንኑ የድሮውን ተባይ ነው የሚሰማው። አንድ ስም ተመርጦ፣ ልዩነቱ አንድ ጊዜ ተነግሮ፣ እስከ መጨረሻው በዚያ ስም መሄድ ነበረበት።

አጠራሩም እንደዚሁ ነው። አንዱ «አርሶ አደሩ ይህን ማድረግ አለበት» ሲል ሌላው «አንተ ገበሬው» ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እርስዎ» ይከተላል። «አንተ» ሲባል በቆሎውን ስትኮተኩትና ስታርም የዋለችው ሴት ከዝግጅቱ ወጥታለች። «እናንተ» ሁለቱንም ይይዛል፤ አክብሮቱም አይጎድልም። «ማዳበሪያ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በገጠርም በከተማም የከረጢቱም ስም ነውና «ግማሽ ማዳበሪያ» ሲባል ምኑ እንደሆነ አይታወቅም። ኪሎና ኩንታል ይሻላል።

መፍትሔው ሁለት ጸሐፊ አይፈልግም። አንድ ሰው ጽሑፉን ለአንድ ድምፅ እንደሚጽፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፈው። ሲጨርስ ለሁለት ይክፈለው፤ አከፋፈሉም ሐሳብ ባለቀበት እንጂ ዓረፍተ ነገር ባለቀበት ሁሉ አይሁን። በየዓረፍተ ነገሩ የሚቀባበሉ አቅራቢዎች የመገጣጠሚያውን ቁጥር ያበዙታል፤ አደጋው ያለው ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ቁጥር አይከፈልም፤ አንድ ሰው ይናገረዋል፣ ያው ሰው በዚያው መለኪያ ይደግመዋል። ሁለቱም የሚይዙት ሙሉውን ጽሑፍ ነው፤ የራሱን መስመር ብቻ የያዘ አቅራቢ ባልደረባው መቼ እንደሚያበቃ መገመት ይጀምራል። ገጽም መቀባበያው ላይ አይገለበጥ።

ሥራው መሥራቱን ማወቅም ቀላል ነው። ዝግጅቱ ተቀድቶ በስልክ ድምፅ ማውጫ ከክፍሉ ማዶ ይሰማ። ጽሑፉን ያላየ አንድ ሰው ተቀምጦ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ አድርጉ ነው የተባለው ወይስ አታድርጉ? ስንት ኪሎ፣ ለምን ያህል መሬት? ሁለቱን ሳያመነታ ከመለሰ መገጣጠሚያው ይዟል። ካመነታ ጥፋቱ የአድማጩ አይደለም።

ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ መገጣጠሚያ መጻፍ «ጨዋታ ያበላሻል» የሚል ጣቢያ ጨዋታውን ለማን እንደሚጫወት ሊጠየቅ ይገባል። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ተዝናንተው ሊሆን ይችላል። ቡሬ ያለው ቤተሰብ ግን የሚጠብቀው ግሱን ነው።