ጠጠሩን ከፈርኑ ሥር አንሱ

በታኅሣሥ አጋማሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአበባ መደብር የገዛሁት ቦስተን ፈርን ጥር ሳያልቅ ሞተ። የሞተው ደግሞ ውሃ በሞላ የጠጠር ትሪ ላይ ተቀምጦ ነው። ትሪውንም ጠጠሩንም የሸጠችልኝ ያችው መደብር ናት፤ «ይህ ካለሽ አየሩ አይደርቅበትም» ተብዬ ከፍዬ ወሰድኩ። በየጠዋቱ ውሃውን እሞላለሁ፣ በየማታው ዝንጣፊዎቹን እዳስሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጫፎቻቸው ቡናማ ሆኑ። በአምስተኛው ሲነኩ ይንኮሻኮሹ ጀመር። በሰባተኛው ወለሉን ሁሉ የደረቀ ቅጠል ሸፈነው።

ዛሬም ስለዚያ ትሪ ሳስብ ደሜ ይፈላል። ምክሩ አይጠቅምም ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ክፉነቱ ሰውን «ማድረግ ያለብኝን አድርጌያለሁ» አሰኝቶ ማስቀመጡ ነው። እኔ ጠጠር ሳረጥብ ፈርኑ ከበላዬ በጥማት ይሞት ነበር።

አዲስ አበባ እናቴ በረንዳ ላይ የነበረው ፈርን ትሪ አያውቅም። በክረምት ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ እየተንጠባጠበ አየሩን ያረጥብለታል፣ ግድግዳው ፀሐዩን ይጋርድለታል፣ ይለመልማል። እዚህ ሜሪላንድ ግን በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ያለው አየር ሌላ ነው። ዜሮ ዲግሪ ያለው የውጭ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው ውሃ ቢበዛ 5 ግራም አይሞላም። ያው አየር ገብቶ ማሞቂያው ወደ 21 ዲግሪ ሲያደርሰው 18 ግራም ያህል መያዝ የሚችል ይሆናል፤ የያዘው ውሃ ግን ያችው ነች። ስለዚህ ማሞቂያው ውሃውን አላቃጠለውም፤ የአየሩን ጥማት አሰፋው እንጂ። ያንን ጥማት አየሩ ከከንፈራችንም፣ ከቆዳችንም፣ ከፈርኑ ስስ ቅጠልም እየመጠጠ ያስታግሳል። ፈርኑ ከሞተ በኋላ የገዛሁት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ሳሎኔ ውስጥ 20 ከመቶ አሳየኝ። ቦስተን ፈርን ግን 50 ከመቶ አካባቢ ይፈልጋል።

እንግዲህ ትሪውን ለፍርድ እናቅርበው። ሳሎኔ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ነው፤ 35 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። ይህን አየር ከ20 ወደ 50 ከመቶ ለማድረስ 190 ግራም ያህል ውሃ መትነን አለበት። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤት የተዘጋ ጠርሙስ አይደለም። በበሩና በመስኮቱ ክፍተት የክፍሉ ግማሽ አየር በየሰዓቱ ይቀየራል ብንል፣ እርጥበቱን እዚያው ለማቆየት በቀን ከ2 ሊትር በላይ ውሃ መትነን አለበት። ትሪዬ በቀን ስንት እንደሚቀንስ በመስፈሪያ ለካሁ፦ 100 ሚሊ ሊትር ያህል። ከሚያስፈልገው ከሃያ አንዱን እንኳ አይሞላም። መለኪያውን ከጠጠሩ አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ሳስቀምጠው 3 ነጥብ ጨመረ። ወደ ዝንጣፊዎቹ ከፍታ ሳነሳው ልዩነቱ ጠፋ። ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልኩት!

ማሰሮዎችን አንድ ላይ መሰብሰብስ? ከትሪው የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ቅጠል ራሱ ውሃ ይተነፍሳልና ስምንት አሥር ማሰሮ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ በመካከላቸው ያለው አየር ጥቂት ይለሰልሳል። ነገር ግን ፈርኑን ጥግ ላይ ቆመው ከሚደርቁ ሁለት ካክተሶች አጠገብ አስቀምጦ «ሰብስቤዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። መጨናነቁም ዋጋ አለው፤ ደረቅ አየር የሚወደው ቀይ ሸረሪት መሰል ተባይ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል።

ጎረቤቴ እማማ ደግሞ የኔን ሐዘን አይተው፣ «ልጄ፣ ሻወር ቤት መደርደሪያ ላይ አድርጊው፣ እዚያ እንፋሎት አይጠፋም» አሉኝ። ምክራቸው ከፍቅር ነው፤ የእሳቸው ሻወር ቤት ሰፊ የሰሜን መስኮት አለው፣ ፈርናቸውም አምሮበታል። «እማማ፣ የኔ መስኮት የለውም» ስላቸው ዝም አሉ። አብዛኛው አፓርታማ እንደኔው ነው። መስኮት በሌለበት ክፍል ውስጥ ፈርን የሚሞተው በጨለማ ነው፤ የሚሞተውም ቀስ ብሎ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን አይጠረጥርም። እንፋሎቱም ቢሆን ሻወር ሲወሰድ ይነሣል እንጂ አይዘልቅም፤ አየር ማውጫው ፋን ሲከፈት ወዲያው ይጠፋል። መስኮትና ብርሃን ያለው፣ በየቀኑ ሰው የሚታጠብበት ሻወር ቤት ያለው ይጠቀምበት። ሌላው ግን ይተወው።

ለመሆኑ የኔን ፈርን የገደለው አየሩ ብቻ ነበር? ሲሞት ከማሰሮው ሳወጣው እውነቱ ታየኝ። ሥሩ የተጠቀለለበት አፈር እንደ ቡሽ ቀልሎ፣ ከማሰሮው ግድግዳ ተላቅቆ ነበር። በየቀኑ ከላይ ያፈሰስኩት ውሃ በዳር በዳር ወርዶ ትሪው ላይ ይጠራቀማል፤ ሥሩ አንድ ጠብታ አላገኘም። ከታች ውሃ ሲታየኝ ደግሞ «ጠጥቷል» እላለሁ። ትሪው ያኔም ዋሸኝ።

ስለዚህ ምልክቱን ለይታችሁ ዕወቁ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የጥቃቅኖቹ ቅጠሎች ጫፍ ብቻ ቡናማ ከሆነ፣ አየሩ ደርቋል ወይም ማዳበሪያ በዝቷል። ማሞቂያው ባለበት በኩል ብቻ ከከረረ፣ ትኩስ ንፋስ እየመታው ነው። ዝንጣፊው ሙሉ በሙሉ ደብዝዞ፣ ግራጫ መስሎ፣ ሲነኩት ከረገፈ፣ ጥማቱ ከሥሩ ነው። ማሰሮውን አንሡና ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ፤ ከቀለለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፣ አረፋ መውጣቱ ሲቆም አንጠባጥባችሁ መልሱት። የደረቀ ዝንጣፊ ተመልሶ አይለመልምምና ከሥሩ ቁረጡት። እምብርቱ አረንጓዴ ከሆነ አዲሱ ተጠቅልሎ ይወጣል።

አየሩን በእውነት ማርጠብ የሚፈልግ በቀን ሁለትና ሦስት ሊትር የሚያተን መሣሪያ ይግዛ፤ መለኪያውንም አጠገቡ ያድርግ፤ መስኮቱ ላብ ማውጣት ከጀመረም ሻጋታ እንዳያመጣ ይቀንስ። ይህን የማይችል ቅጠሉ ወፍራም የሆነውን የወፍ ጎጆ ፈርን ይግዛ፤ እሱ ደረቅ አየርን ከቦስተን ፈርን የተሻለ ይችላል።

እናንተ አበባ ሻጮች፣ በብርድ ወቅት ፈርን ለሚገዛ ሰው ትሪ አትሽጡለት። ማሞቂያው የት እንዳለና መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ጠይቁት፤ ማሰሮውን አንሥቶ ክብደቱን መለየት አስተምሩት። አሁን በወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ያለው ሁለተኛው ፈርን ሁለት የብርድ ወራት አልፏል። ከሥሩ አንዲት ጠጠር የለችም።