ኤሲው ግድግዳው ላይ ያለቅሳል፣ አከራያችን እኛ ላይ ይቆጣሉ!

«እኔ የ25 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፕሊት ኤሲ አለው። በጋውን ያለ ችግር ሲሠራ ከርሞ ሐምሌ ከገባ ወዲህ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። በተከፈተ በአንድ ሰዓቱ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ቀለሙ አብጦ ተልጧል። ከሥሩ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ሶኬት አለ። አከራያችን ‹እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት፣ ግድግዳውን ታስቀባላችሁ› ብለውናል። የጠራነው ሠራተኛ ደግሞ ከፍቶ እንኳ ሳያየው ‹ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ› አለን። ማቀዝቀዙን ግን አሁንም በደንብ ያቀዘቅዛል። የማንን እንመን?»
ኤሲ ያስለቀሳት ነኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት የሶኬቱን ነገር እናስቀድም። ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ሶኬቱን አትንኪው። መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አጥፊ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ንቀይ። ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ በዚያ ሶኬት አትጠቀሙ። ቀለም ይቀባል፣ ሰው ግን አይቀባም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ይህ ውሃ ከጋዙ የመጣ አይደለም። የኤሲ ጋዝ ቢያፈስ አየር ላይ ይበናል እንጂ ውሃ ሆኖ አይንጠባጠብም። ውሃው የመጣው ከክፍላችሁ አየር ነው። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበው የለ? ኤሲውም ውስጥ እንደ ጠርሙሱ የሚቀዘቅዝ ብረት አለ። አየሩ ሲነካው ብረቱ ያልበዋል፣ ላቡም ከሥሩ ባለ ረጅም የፕላስቲክ ትሪ ላይ ይጠራቀማል። ከትሪው የሚነሳ ጣት የሚያህል ቀጭን ቱቦ ግድግዳውን ሰንጥቆ ውሃውን ወደ ውጭ ያወርዳል። በአብዛኛው ኤሲ ይህን ውሃ የሚገፋ ሞተር የለም፤ በቁልቁለቱ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቱቦው ትንሽ ከታፈነ ትሪው ይሞላል፣ ሲሞላም ይፈሳል፣ ሲፈስም በእናንተ ግድግዳ ላይ ነው።

«ታዲያ በበጋ የት ነበር?» ትይ ይሆናል። በደረቁ ወራት የድሬ አየር እርጥበቱ አነስተኛ ስለሆነ ኤሲው የሚያወጣው ውሃ ጥቂት ነው። አቧራው ግን መግባቱን አይተውም። ከእርጥበቱ ጋር ተላቁጦ ንፍጥ የመሰለ ዝቃጭ ይሆንና ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። ዝናቡ መጥቶ አየሩ ሲረጥብ አንድ ኤሲ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ውሃ ሊያወጣ ይችላል። የጠበበው ቱቦ ለበጋው ጠብታ ይበቃ ነበር፣ ለሐምሌው ግን አይበቃም።

የታፈነ መሆኑን የምታውቂው ወደ ውጭ ወጥተሽ ነው። ኤሲው ሲሠራ ከጥቅልሉ የቱቦውን ጫፍ ፈልጊ። ቤት ውስጥ እያንጠባጠበ ጫፉ ደረቅ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ የፊት ክዳኑን ክፈቺና ከፊልተሩ ጀርባ ያለውን ብረት ተመልከቺ። በረዶ ከያዘ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይ ጋዙ በእርግጥ ጎድሏል። ኤሲውን አጥፍታችሁ በረዶው ይቅለጥ፣ ፊልተሩን እጠቡ፤ ከታጠበ በኋላም በረዶ ከሠራ የጋዝ ባለሙያ ጥሩ። የእናንተ ግን በደንብ ያቀዘቅዛል ብለሻል። በረዶ ከሌለው ጋዝ ለማስሞላት ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት የለም።

የታፈነውን ለመክፈት እንዲህ አድርጉ። ኤሲውን በሪሞት ብቻ ሳይሆን በብሬከሩ አጥፉ። ውጭ ያለውን የቱቦ ጫፍ እዩት። ጭቃ ደፍኖት፣ ነፍሳት ቤት ሠርተውበት ወይም ተጣጥፎ ከሆነ እሱን ብቻ ማስተካከል ሊበቃ ይችላል። ብዙ ሰው ውሃው ግቢ እንዳያበላሽ ብሎ ጫፉን ጄሪካን ውስጥ ይከተዋል። ጄሪካኑ ሞልቶ ጫፉ ውሃ ውስጥ ከሰጠመ አየር መውጫ ስለሚያጣ ውሃው ወደ ኋላ ይቆማል።

ጫፉ ደህና ከሆነ ዝቃጩን ከውጭ በኩል መሳብ ነው። ለዚህ የሚሆነው መኪና እጥበት ቤቶች የሚጠቀሙበት ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ነው። የቤት ምንጣፍ መጥረጊያውን ግን አትሞክሩት፣ ውሃ ያቃጥለዋል። የቫኪዩሙን አፍና የቱቦውን ጫፍ በጨርቅ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ሁለት ደቂቃ ያህል ሳቡ። ጥቁር ዝቃጭ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። በአፍ መሳብ በፍጹም አይሆንም። ከውጭ በኃይል መንፋትም ቆሻሻውን ወደ ክፍሉ ይረጨዋል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን መጋጠሚያም ያላቅቀዋል። በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ቱቦውን ይበሳል። የተበሳ ቱቦ ግድግዳውን ከውስጥ እያረጠበ ይኖራል።

ቀጥሎ መፈተን ነው። ብሬከሩ እንደጠፋ ፊልተሩን አውጡና ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በብረቱ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች በዝግታ አንጠባጥቡ፤ ትሪው ውስጥ ይገባል። ጎንና ጎን ካለው የኤሌክትሪክ ክፍል አርቁት። ጓደኛሽ ውጭ ሆና ጫፉን ትጠብቅ። ውሃው ሳይቆራረጥ ከወረደ ተከፍቷል። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በርዛችሁ በዚያው መንገድ ጨምሩ፤ የቀረውን ዝቃጭ ያላላዋል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። በረኪና አትጠቀሙ፣ ብረቱን ይበላል፤ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የፈላ ውሃም ፕላስቲኩን ያጣምማል።

ውሃው ውጭ በደንብ እየወረደ ቤት ውስጥ አሁንም ካንጠባጠበ ጥፋቱ የእናንተ እጅ የሚደርስበት አይደለም። ትሪው ተሰንጥቆ፣ ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ተላቅቆ ወይም ኤሲው ተዘንብሎ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ቱቦው መሃል ላይ ሽቅብ ወጥቶ የሚወርድ ከሆነም ዛሬ ብትከፍቱት ነገ ይዘጋል። ይህ የሰቀለው ሰው ሥራ ነው፣ እንደገና መሰቀል አለበት።

አከራያችሁን በተመለከተ፣ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ቱቦው ሲሳብ ጥሯቸው። የወጣውን ጥቁር ነገር በዓይናቸው ይዩት። የዚያን ያህል ዝቃጭ በአንድ ወር አይጠራቀምም፣ ከእናንተ በፊት የነበሩትም ድርሻ አላቸው። የእናንተ ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ ነው። አቧራ በበዛበት ወቅት ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ እጠቡ፣ ቱቦውን ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ አስስቡት። በየጊዜው ወደ ውጭ ብቅ ብለሽ ጫፉን እዪው፤ ኤሲው እየሠራ፣ አየሩም ረጥቦ፣ እሱ ደረቅ ከሆነ ውሃው ግድግዳው ላይ እስኪወርድ አትጠብቂ።