ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

በዕድር ስብሰባ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ኪንታሮትና ስለ ሆድ ድርቀት እንድትናገር ዐሥር ደቂቃ ቢሰጣት፣ ጊዜዋን በየትኛው የተሳሳተ እምነት ላይ ብታውለው ይሻላል? በሰፈር የሚባለው ብዙ ነው። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ያመጣዋል፣ ሚጥሚጣ ያስነሳዋል፣ በየቀኑ ያልተጸዳዳ ሰው ታሟል ይባላል። ሁሉንም ላንሳ ካለች አንዱም ሳይያዝላት ስብሰባው ይበተናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ልታርመው የሚገባው እምነት ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት ነው የሚለው ነው እላለሁ። ሌሎቹ ሰውን ያለ ምክንያት ያሳስባሉ ወይም ከሚወደው ምግብ ይከለክላሉ፤ ይኼኛው ግን ከባድ በሽታን ሸፍኖ ያቆያል።

ወደዚያ ለመድረስ ግን ኪንታሮት ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት አለባት። በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ሥጋ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ፊንጢጣ ውስጥ አለ፤ ሰገራና አየር እንዳያመልጥ ያግዛል። ሕመም የሚሆነው ሲያብጥና ወደ ታች ሲወርድ ነው። ለዚህ ደግሞ ዋናዎቹ ምክንያቶች በደረቅ ሰገራ ማማጥ፣ መጸዳጃ ቤት ረጅም ጊዜ መቀመጥና እርግዝና ናቸው። ድንጋዩ ጥፋት የለበትም። በርበሬም ቁስል ሲነካ ያቃጥል እንደሆነ እንጂ ኪንታሮት እንደሚፈጥር ማስረጃ የለም። የሆድ ድርቀትም በቀን ብዛት ብቻ አይለካም፤ በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ መጸዳዳት፣ ሰገራው ለስላሳ ከሆነና ካላስጨነቀ፣ ጤናማ ነው።

አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር እናስብ። ለደም ማነስ መከላከያ የአይረን እንክብል ትወስዳለች። እርግዝናው አንጀቷን አዘግይቶታል፣ እንክብሉም ሰገራዋን አድርቆታል፤ ስታምጥ ቆይታ ወረቀቱ ላይ ቀይ ደም አየች። ጎረቤት እንክብሉን ተዪው፣ ቅጠልም እናስቀባሽ ይላታል። እንክብሉን ብትተው ደም ማነስ ሊይዛት ይችላል። ቅጠሉ ቆዳ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ፊንጢጣዋን ሊያጠብበውና ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። የሚረዳት ውሃ በደንብ መጠጣት፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፍራፍሬና ተልባ ማዘውተር፣ የመጸዳጃ ስሜት ሲመጣ አለማዘግየት፣ ሕመም ሲሰማትም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ነው። እንክብሉ ሰገራን እንደሚያጠቁርም ቀድማ ብታውቅ አትደነግጥም። ደሙን ግን በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትሏ ላይ ለባለሙያ መንገር አለባት፤ ብዙ ከፈሰሰ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ።

አሁን ደግሞ ደም ያየ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው እናስብ። ኪንታሮት የሚያደማው ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም ነው፤ ደሙም ደማቅ ቀይ ሆኖ ከሰገራው በኋላ ይንጠባጠባል ወይም ወረቀት ላይ ይታያል። የዚህ ሰው ደም ግን ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ነው። የመጸዳዳት ልማዱ ከተለወጠ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ክብደቱ ቀንሷል፣ ይደክመዋል። ይህ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ሰው ኪንታሮትም ሊኖረው መቻሉ ነው፤ የአንዱ መኖር የሌላውን አለመኖር አያረጋግጥም። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ደግሞ ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት የሚፈስ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ይህ ሰውን ያስደነግጣል፣ አብዛኛው ደም ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እሷም ይህንኑ በግልጽ መናገር አለባት። ነገር ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ እንጂ በግምት አይደለም፤ በጤና ጣቢያ የሚደረገው የመጀመሪያ ምርመራም የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ባህላዊው መድኃኒት ፈውሶኛል የሚልም ይነሳል። ያበጠ ኪንታሮት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ሊቀንስ ስለሚችል ምስጋናው በዚያ ሰሞን ለተቀባው ቅጠል ይሄዳል። የአንጀት ዕጢም ለቀናት ደሙን አቁሞ መልሶ ሊያደማ ይችላል፤ ስለዚህ የደሙ መቆም ብቻ የመዳን ምልክት አይሆንም። ይህ በሽማግሌዎች ፊት የሚወራ ነገር ነው ወይ ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ካንሰሩ ይበልጥ የሚያሰጋው በዕድሜ የገፉትን ስለሆነ መስማት ያለባቸው እነሱው ናቸው።

እንግዲህ ከዐሥሩ ደቂቃ ስድስቱን ለደሙ ትስጥ። አንባቢም ደም ካየ ቅጠል ከመፈለጉ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ፤ የደሙን መልክ፣ የጀመረበትን ጊዜና የክብደቱን ለውጥ ሳያፍር ይናገር።