«ደግሜ አፍልቼዋለሁ እኮ!»

ሆዱን ሲቆርጠውና ሲያስቀምጠው አድሮ የመጣ ሰው «ትናንት ምን በልተው ነበር?» ስለው ከምሰማቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው፦ «ያደረ ወጥ ነው፤ ግን ዶክተር፣ ደግሜ አፍልቼዋለሁ እኮ!»

ስለዚህ ዛሬ ሳልለሳለስ ልናገር። በሞቃት አካባቢ ወይም በሞቃት ወቅት ማታ ተሠርቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ ምድጃ ላይ ያደረ የምስርም ሆነ የሥጋ ወጥ ይደፋ። ይቀመስና ይታይ አይባልም፤ ይሽተትና ይወሰን አይባልም። አሁን አንዳንዶቻችሁ «የሥጋን ዋጋ ያውቁታል?» ልትሉኝ ነው። አውቀዋለሁ፤ እኔም የምገዛው ከዚያው ገበያ ነው። የምጽፈውም ወጡ እንዲደፋ ሳይሆን ለመደፋት እንዳይደርስ ነው።

አንድ ቤተሰብ ላንሳ፤ ድሬዳዋ ነው፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። እናት ቅዳሜ ማታ በትልቅ ድስት ቀይ ወጥ ሠርታ 3 ሰዓት ላይ እሳቱን አጠፋች። «ዝንብ እንዳይገባበት» ብላ ክዳኑን ገጠመችው፤ ድስቱም እዚያው አደረ። እሑድ ቀን 7 ሰዓት ላይ ምድጃውን ለኮሰች፤ ዳር ዳሩ ሲንተከተክ አወረደችው። ስድስት ሆነው በሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አያትየውና ሁለቱ ልጆች ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ተነሡ፤ እየቆየ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ተከተለ። ትኩሳት የለም፣ ትውከትም እምብዛም የለም። እናትየው የማለችልኝ በአንድ ነገር ነው፦ ወጡ አልሸተተም፣ አልኮመጠጠም፣ አረፋም አላወጣም።

አምናታለሁ። ወጥ ሲሸት የሚያሸቱት ባክቴሪያዎችና የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የሚያሳምመው በብዛት ተራብቶም ወጡ እንደ ትናንቱ ሊሸት ይችላል። ያውም በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ የታሸ ወጥ! አፍንጫችሁ እዚህ ላይ ዳኛ አይሆንም።

በዚያ ድስት ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በአፈርና በእንስሳት አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ከሥጋም ከጥራጥሬም ጋር ወደ ድስት ይገባል። ሲከፋበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ይሆናል። ስፖሩን የመጀመሪያው ማፍላት አይገድለውም፤ እንዲያውም ሙቀቱ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ወጡ ከ50 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዘሩ ይነቃል፣ 43 እና 45 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። በ15 ደቂቃ አንዴ ብቻ እጥፍ ይሆናል ብንል እንኳ አንዷ ባክቴሪያ በ3 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሺህ ትበልጣለች። አየር አይወድም፤ ሲፈላ የኖረ ወፍራም ወጥ ሆድ ውስጥ ደግሞ አየር የለም ማለት ይቻላል።

ክዳኑስ? ዝንብ ይከለክላል፤ ሙቀቱንም አፍኖ ይይዛል። በትልቅ ድስት የተከደነ ወፍራም ወጥ መሐሉ ለብ ብሎ ሰዓታት ይቆያል። «አዲስ አበባ ሌሊቱ ይበርዳል» የምትሉም ይህን አስቡ፤ የሚበርደው ወጥ ቤቱ ነው፣ የድስቱ መሐል ገና ሞቃት ነው።

«ምስር ሥጋ አይደለም፣ ምን ይሆናል?» የሚለውን ደግሞ በጾም ወቅት እሰማዋለሁ። ምስር ከአፈር የመጣ ነው፣ ሲበስል ውኃ የጠጣ፣ ፕሮቲን የበዛበትና ወፍራም ነው። ባክቴሪያው ጾመኛና በልቶ አዳሪ አይለይም።

እንግዲህ ወደ ማፍላቱ። እውነቱን ልናገርና፣ ያች እናት ወጡን እያማሰለች መሐሉ ድረስ እስኪንተከተክ ብታፈላው ኖሮ የተራባውን ፐርፍሪንጀንስ በአብዛኛው ትገድለው ነበር። እሷ ያፈላችው ግን ዳሩን ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ የምንለው «ሞቅ ይበል» ነው። በደንብ ብታፈላውም ሌላ ጉዳይ ይቀራል። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው በሩዝና በፓስታ ይታወቃል፤ ስፖሩ ግን ጥራጥሬና ቅመም ላይም ይገኛል። ከዚህ ባክቴሪያ አንዳንዱ ዓይነት በአደረ ምግብ ውስጥ የሚያስታውክ መርዝ ይሠራል፤ ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን የበላ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውከዋል። ከእጅ ወይም ከተላሰ ማንኪያ የሚገባው ስታፊሎኮከስም መርዙ እንዲሁ እሳት ይችላል። በድስታችሁ የትኛው እንዳደረ በምን ታውቃላችሁ?

«እናቶቻችን ጠዋት ማታ እያፈሉ ያኖሩት አልነበር?» ይባላል። አዎ፤ እነሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ረስተውት አያድሩም ነበር፣ ወጡም ውኃው እስኪመጥ የተቁላላና ቅቤ የበዛበት ነው። ያም ሆኖ የታመመ አልነበረም ማለት አይደለም፤ «ምች መታው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ ያለፈውን ማን ቆጠረው?

ወጡ እንዳይደፋ የሚደረገው ማታውኑ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ 2 ሰዓት አለን፤ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። የሚተርፈውን በጥልቁ ድስት አትተዉት፤ ቁመቱ ከአራት ጣት በማይበልጥ መልኩ በዝርግ ሳህኖች አከፋፍሉት። ሳህኖቹን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ አማስሉት፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፤ ከዚያ ፍሪጅ። ትኩስ ወጥ ፍሪጅ ያበላሻል ብላችሁ እስከ ንጋት አትጠብቁ። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት የሚጠፋ ከሆነ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ጥሬ ምስር በጆንያው ውስጥ ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ የበሰለው ነው ሌሊት የማይችለው።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ባለቤቷ «እኔ እንኳ ፈርቼዋለሁ» ያለችው ወጥ የት እንደሚሄድ አይቻለሁ። «ሠራተኛዋ ትብላው»፣ «በር ላይ ላለው የኔ ቢጤ ስጡት» ይባላል። የሷ አንጀት ከልጆቻችሁ አንጀት በምን ይለያል? ስትታመም ደግሞ ተኝታ የምታስታምማት የለችም፤ እያስቀመጣት ልብስ ታጥባለች። ምጽዋት የምታደርጉት ከሆነ ማታ ትኩሱን ስጡ።

በልታችሁት ከሆነና ተቅማጥ ከጀመረ፣ አንዱን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። የፐርፍሪንጀንሱ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይተዋል። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማቆሚያ የሌለው ትውከት ካለ ግን፣ ሕፃኑ ሽንት ካቆመ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ታማሚው ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ፣ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስትመጡም ወጡ ስንት ሰዓት ከእሳት እንደወረደ፣ ስንት ሰዓት እንደተበላና ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደጀመረ ንገሩን። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች ሳትነግሩን ስትቀሩ ነው ያደረ ወጥ የበላ ሰው የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው።