የስብሰባ ጥሪ ሳይደርስሽ ሲቀር

ሠራተኛዋ እህታችን፣ ሌሎች ወደ ስብሰባ ሲገቡ አንቺ ሳትጠሪ ብትቀሪ በመጀመሪያ ወደ ልብሽ የሚመጣው «ምን አስበውብኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ስሜት ወደ ኃላፊሽ ብትገቢ ግን ስለ ሥራው ልትናገሪ ያሰብሽው ሁሉ ክስ ይመስላል። ስለዚህ ለዛሬ ይህን ጉዳይ እንዴት ማንሳት እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ እናሳይ።

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለች እንበል። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው። ዘወትር ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 የምርት ዕቅድ ስብሰባ ይደረጋል። ቀድሞ ትሳተፍ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ሰኞ አለፈ፣ ጥሪ የለም። ሐሙስ አዲስ ትእዛዝ መሰፋት እንደሚጀምር የሰማችው ከቆረጣ ክፍል ነው። በመጋዘኑ ያለው ክር ደግሞ ከሁለት ቀን ሥራ አያልፍም።

ይህች እናት አስቀድማ ማጣራት ያለባት ጥሪው እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ አላት። በእነዚህ ወራት ሌላ ሰው ተክቷት ይሠራል፤ በጥሪው ዝርዝር ላይም የእሱ ስም ይገባል። ጸሐፊዋ በየሳምንቱ ያንኑ ዝርዝር እየገለበጠች ስትልክ የተመላሿ ስም እንደወጣ ይቀራል። ጥሪው በቴሌግራም የሚተላለፍ ከሆነም ቡድኑ የተከፈተው እሷ በሌለችበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊዋን «የሰኞው ጥሪ ለእነማን ነው የሚሄደው?» ብላ ብትጠይቅ ይበቃል። ስህተቱ እዚያው ከታረመ ወደ ኃላፊ መሄድም አያስፈልግም።

ጸሐፊዋ «ኃላፊው የሰጡኝ ዝርዝር ይኸው ነው» ካለች ግን ኃላፊውን ማነጋገር ይገባል። ጊዜው ከሚቀጥለው ሰኞ በፊት ይሁን። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት፣ በኮሪደር ወይም ሰው በተሰበሰበበት አይሁን፤ ሰው ፊት የተጠየቀ ኃላፊ መልስ ከመስጠት ይልቅ ራሱን ይከላከላልና።

አነጋገሩ ላይ አንዲት ቃል ብዙ ትለውጣለች። «ለምን አስቀራችሁኝ?» የሚለው ሰውን ይከሳል። «ሳልጠራ ቀረሁ» የሚለውም ቅሬታ አለው። «ጥሪው አልደረሰኝም» የሚለው ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ እውነትም ነው። «ሰዎች እንደነገሩኝ» ማለትም አይበጅም፤ ኃላፊው የነገረሽን ሰው መፈለግ ይጀምራል። ሠራተኛዋ እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ። ያለፉት የሁለት ሰኞ ስብሰባዎች ጥሪ አልደረሰኝም። የሐሙሱ ትእዛዝ ክር ይፈልጋል፤ በካርዱ ላይ ያለው ግን ለሁለት ቀን ብቻ የሚበቃ ነው። ስብሰባው እኔን የሚመለከት ከሆነ ስሜ በዝርዝሩ ይግባልኝ፤ ካልሆነም የክሩን ነገር ለማን ላሳውቅ?»

በዚህ አነጋገር ውስጥ የሆነው ነገር፣ በሥራው ላይ የሚያስከትለው ችግርና ጥያቄው በተራ ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለኃላፊው ሁለት በር ይከፍትለታል፤ ረስቶ ከሆነ ሳያፍር ያርማል፣ አስቦበት ከሆነም ምክንያቱን ይናገራል።

መልሱ «ረስተነው ነው» ከሆነ አመስግኖ መውጣት ነው፤ «እንዴት ትረሱኛላችሁ?» ማለት የተዘጋውን ነገር መክፈት ይሆናል። «ገና አራስ ስለሆንሽ እንዳትቸገሪ ብለን ነው» ካሉ ደግሞ፣ «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት መገኘት እችላለሁ» ማለት ይበቃል። በርግጥ ልጅ ማድረሻ ሰዓት ከሆነና መገኘት ካልተቻለ ያንኑ ተናግሮ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በዕለቱ ማግኘት እንዲቻል መጠየቅ ይሻላል። «አሁን አይመለከትሽም» ከተባለ ደግሞ የክሩን ነገር ማን እንደሚከታተል ይጠየቅ። ሥራው በይፋ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ ጉዳዩ የጥሪ ሳይሆን የሥራ መደብ ነውና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቃል ከተገባ በኋላ ጥሪው ለሦስተኛ ጊዜ ቢቀር ግን በቃል መመላለሱ ይብቃ። የስብሰባዎቹን ቀን፣ ኃላፊውን ያነጋገርሽበትን ቀንና በሥራው ላይ የደረሰውን ጉዳት ብቻ የያዘ አጭር ማስታወሻ ጻፊ፤ ግልባጩን አስቀሪ። ነገሩ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ቢደርስ ጥርጣሬሽ ሳይሆን ይህች ወረቀት ትናገርልሻለች።